በእሳት አደጋ መድን ውል እድሳት ላይ ስለተጨመረ አንድ የማይሸፈን ጉዳት ለደንበኞቻችን የተላከ ማስታወቂያ

ጅማ፣ ግንቦት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

በጅማ ከተማ ለሱቅ፣ ለቡና መጋዘንና ለሆቴል የእሳትና የመብረቅ አደጋ መድን ለገባችሁ ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ ከሐምሌ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በሚታደሰው ውል ላይ ስለተደረገ ለውጥ

የያዛችሁት የመድን ውል ሰኔ 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ያበቃል። በማግስቱ በሚታደሰው ውል ላይ “የማይሸፈኑ ጉዳቶች” በሚለው ክፍል አንድ አንቀጽ ተጨምሯል፤ ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁም እርሱን ለማሳወቅ ነው። ሌላ የተለወጠ ነገር የለም። የመድን ገንዘቡ መጠን፣ የአረቦኑ ምጣኔ፣ ጉዳት ሲደርስ ከካሳው ላይ በእናንተ በኩል የምትሸፍኑት ድርሻ፣ እንዲሁም በእሳትና በመብረቅ ለሚደርስ ጉዳት እስከ ዛሬ ስታገኙት የነበረው ሽፋን እንዳለ ይቀጥላል።

የተጨመረው አንቀጽ ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦

“መድን ገቢው ራሱ ወይም በእርሱ ፈቃድ ሌላ ሰው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባለሁለት፣ ባለሦስት ወይም ባለአራት እግር ተሽከርካሪን ወይም ከተሽከርካሪው የወጣ ባትሪን፣ መድን የተገባለት ዕቃ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ቻርጅ ሲያደርግ፣ ከዚሁ የተነሣ ለሚደርስ የእሳት ወይም የፍንዳታ ጉዳት መድን ሰጪው ካሳ አይከፍልም።”

አንቀጹ ሽፋናችሁን በአንድ በኩል እንደሚቀንስ መደበቅ አንፈልግም። የሚቀንሰው ግን ሦስት ነገሮች በአንድነት ሲገኙ ብቻ ነው፤ ይኸውም የተሽከርካሪ ባትሪ ሲሆን፣ ዕቃው ባለበት ክፍል ውስጥ ቻርጅ ሲደረግ፣ ይህም በእናንተ ፈቃድ ሲሆን ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አንቀጹ አይነካችሁም። ስለዚህ የእጅ ስልክ፣ የእጅ ባትሪ፣ ላፕቶፕና የፀሐይ ኃይል መብራት በዚህ ውስጥ አይገቡም። ቻርጅ ሳይደረግ በመጋዘን ውስጥ የቆመ የኤሌክትሪክ ባጃጅም እንዲሁ አይገባም። ከጎረቤት ሱቅ የተነሣ እሳት ወደ እናንተ ቢዛመት፣ ጎረቤታችሁ ሞተር ሳይክሉን ቻርጅ ሲያደርግ የተነሣ ቢሆን እንኳ፣ የእናንተ ካሳ እንደ ወትሮው ይከፈላል።

ማስታወቂያውን ከመላካችን በፊት ረቂቁን ካነበቡልን ነጋዴዎች አንዱ “ዘበኛው ሌሊት ሳላውቅ ቢሰካስ?” ሲሉ ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በግልጽ እንመልሰዋለን። ባለቤቱ ሳያውቅ የተደረገ ቻርጅ በፈቃዱ እንደተደረገ አይቆጠርም። በአንጻሩ ገመዱ በየቀኑ ተዘርግቶ እያዩ ዝም ማለት እንደ ፈቃድ ይወሰዳል። እሳቱ በዚህ ምክንያት መነሣቱንና ፈቃድ መኖሩን የማስረዳት ኃላፊነት የእኛ እንጂ የእናንተ አይደለም፤ ይህም በውሉ ውስጥ ተጽፏል። ጥንቃቄ ለማድረግ ያህል፣ ቻርጅ ማድረግ የተከለከለ መሆኑን ለዘበኛውና ለሠራተኞቹ በጽሑፍ አሳውቆ ማስፈረም በኋላ ከሚነሣ ክርክር ያድናል።

ለውጡ ለምን እንዳስፈለገ መጠየቃችሁ አይቀርም። ከዚህ ቅርንጫፍ ደንበኞች መካከል በዚህ ምክንያት ጉዳት የደረሰበት ሰው የለም። ነገር ግን ከእናንተ የምንረከበውን ስጋት ብቻችንን አንሸከመውም፤ ከፊሉን ለጠለፋ መድን ሰጪዎች እናስተላልፋለን፤ እነርሱም በዘንድሮው ስምምነት ይህን ዓይነት እሳት ላለመሸፈን ወስነዋል። ምክንያታቸው ከባትሪው ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው። የሊቲየም ባትሪ ሲበላሽ ወይም ከመጠን በላይ ሲሞቅ ከውስጡ ተቀጣጣይ ጋዝ ይወጣል፣ ሙቀቱም ከአንዱ ሴል ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ በዱቄት ማጥፊያ ነበልባሉ ቢጠፋ እንኳ ከሰዓታት በኋላ እንደገና ሊነሣ ይችላል። ይህ በባዶ ግቢ ውስጥ ቢደርስ የሚጎዳው ተሽከርካሪው ብቻ ነው፤ ጆንያ እስከ ጣሪያ በተደረደረበት ክፍል ውስጥ ግን ማቆሚያ የለውም።

ባለፈው ወር የቅርንጫፉ ባለሙያ ለእድሳት ምርመራ ወደ አንድ መጋዘን ገብተው ያዩትን እዚህ መጥቀስ ይጠቅማል። ባትሪው ከባጃጁ ወጥቶ በሁለት የቡና ጆንያዎች ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ገመዱ በር ሥር አልፎ ሌላ ሦስት ነገር በተሰካበት ማከፋፈያ ላይ ተሰክቷል፤ የማከፋፈያው አንድ ጎን በሙቀት ጠቁሮ ነበር። ባለንብረቱ ጉዳዩ እንደተነገራቸው ባትሪውን በዚያው ሰዓት ወደ ግቢው ዳስ አስወጡት። ያወጡት አንድም ብር የለም።

ሐምሌና ነሐሴ በጅማ ዝናቡ የሚበረታባቸው ወራት በመሆናቸው፣ በበጋ ግቢ ውስጥ ቻርጅ ያደርግ የነበረ ሰው ወደ ውስጥ ማስገባት እንደሚቀለው እንረዳለን። በሂርማታና በመርካቶ አካባቢ ደግሞ ግቢ የሌላቸው ሱቆች ብዙ ናቸው። ለዚህም መፍትሔ ተቀምጧል። ዕቃ ከሚቀመጥበት ክፍል በብሎኬት ግድግዳና በብረት በር በተለየ ክፍል ውስጥ፣ ወይም ከሕንፃው ቢያንስ 6 ሜትር በራቀ ጣሪያ ባለው ዳስ ሥር ቻርጅ የሚደረግ ከሆነ አንቀጹ ተፈጻሚ አይሆንም። እንዲህ ያለ ቦታ ካላችሁ አሳውቁን፤ ባለሙያችን ያለክፍያ መጥቶ ያይና ቦታው በውሉ ሰንጠረዥ ላይ እንዲመዘገብ ያደርጋል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኃይሉ ስለሚዋዥቅ፣ የትም ቻርጅ ብታደርጉ መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ኃይሉ እስኪረጋጋ እንድትጠብቁ እንመክራለን፤ ይህ ምክር ብቻ እንጂ የውሉ ግዴታ አይደለም።

ንብረታቸውን በባንክ መያዣ ያስያዙ ደንበኞች አንድ ተጨማሪ ነገር ይመለከታቸዋል። ባንኩ በውሉ ላይ የካሳ ተቀባይ ሆኖ ስለተመዘገበ የዚህ ማስታወቂያ ግልባጭ በእኛ በኩል ይላክለታል፤ የብድር ባለሙያው ደውሎ ቢጠይቃችሁ ውላችሁ ጎድሎ ወይም ተቋርጦ እንዳልሆነ ይህን ደብዳቤ በማሳየት ማስረዳት ትችላላችሁ።

እስከ ሰኔ 30 ቀን 2018 ዓ.ም. እኩለ ሌሊት ድረስ የደረሰ ጉዳት፣ የካሳ ጥያቄው የቀረበው ከዚያ በኋላ ቢሆንም፣ አሁን በያዛችሁት ውል ይስተናገዳል።

ለውጡን ከተቀበላችሁ የእድሳቱን አረቦን እንደ ወትሮው እስከ ሰኔ 30 ድረስ መክፈልና ከዚህ ደብዳቤ ጋር በተያያዘው ቅጽ ላይ መፈረም ይበቃል። ካልተቀበላችሁት የማደስ ግዴታ የለባችሁም፤ ነገር ግን ንብረቱ ያለ ሽፋን እንዳይቀር ውሳኔያችሁን እስከ ሰኔ 15 ድረስ ብታሳውቁን መልካም ነው። የአዲሱ ውል ሙሉ ቃል በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በቅርንጫፋችን ይገኛል፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 11:00 ሰዓት፣ ቅዳሜ እስከ 6:00 ሰዓት በመድን ውል ክፍል ቀርባችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። በአካል መምጣት ለማይመቻቸው አረጋውያን ደንበኞቻችን ባለሙያችን ባሉበት ሄዶ ያስረዳል።

ከሰላምታ ጋር፣

የጅማ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ

ግልባጭ፦
ለመድን ውል ክፍል
ለካሳ ክፍል
ካሳ ተቀባይ ሆነው ለተመዘገቡ ባንኮች