በተሽከርካሪ ካሳ ክፍል ተለዋዋጭ የሥራ ሰዓት ለ12 ሳምንት እንዲሞከር የቀረበ ሐሳብ

ለ፦ ዋና ሥራ አስፈፃሚና ለማኔጅመንት ኮሚቴ አባላት
ከ፦ የተሽከርካሪ ካሳ ክፍል ኃላፊ
ቀን፦ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

የክፍላችን 22 ሠራተኞች ከኅዳር 1 እስከ ጥር 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በተለዋዋጭ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት እንዲሠሩ እንዲፈቀድልን እጠይቃለሁ። የምጠይቀው ሙከራ እንጂ ቋሚ የደንብ ለውጥ አይደለም። ተሳካ ወይም ከሸፈ የሚባልበትን መለኪያ ግን ከመጀመራችን በፊት አብረን እንድንወስን እፈልጋለሁ።

ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት ጀምሮ በራችን ላይ ደንበኞች ይቆማሉ። አብዛኞቹ ሾፌሮችና ተቀጣሪዎች ናቸው፤ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርታቸውንና የጋራዥ ዋጋ ማቅረቢያቸውን በፌስታል ይዘው፣ ጉዳያቸውን ጨርሰው ወደ ሥራቸው ለመድረስ ይቸኩላሉ። እኛ የምንከፍተው 2፡30 ነው። በዚያ ሰዓት ከአያት፣ ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ የሚመጡ ባልደረቦቻችን ገና መንገድ ላይ ናቸው። ከ22ቱ ሠራተኞች 9ኙ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ያረፍዳሉ፤ ማስጠንቀቂያም የደመወዝ ቅጣትም ሞክረናል፣ ቁጥሩ አልተቀየረም። ቅጣት መንገድ አያሳጥርም። በሌላ በኩል ቅርብ የሚኖሩና ማታ የሚማሩ ስድስት ሠራተኞች 1፡30 ገብተው 10፡30 ቢወጡ ደስ እንደሚላቸው ነግረውኛል።

አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ ከ1፡30 እስከ 3፡30 ባለው ጊዜ ይገባል፣ ከ10፡30 እስከ 12፡30 ባለው ጊዜ ይወጣል፤ የመረጠውን ሰዓት ለአንድ ወር ይጸናበታል። ከ3፡30 እስከ 10፡30 ከምሳ ሰዓት በቀር ሁሉም ቢሮ ይገኛል፤ ስብሰባም ፊርማም በዚህ መሐል ይሆናል። ፋይናንስ የክፍያ ሰነድ የሚቀበለው እስከ 9፡00 ስለሆነ የእነርሱ ሥራ አይነካም። በጦር ኃይሎች መስመር ሰርቪስ የሚጠቀሙት ሰባቱ በመደበኛው ሰዓት ይቀጥላሉ። መስኮቱ ከ1፡30 እስከ 12፡30 ክፍት ሆኖ ምንጊዜም ቢያንስ አራት ሰው ይኖርበታል። ማለትም ለደንበኛው በቀን ሁለት ሰዓት ይጨመርለታል፣ አንድም ሰው ሳንቀጥር።

የሕግ ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የእኛ ሠራተኛ በቀን የሚሠራው ያው 8 ሰዓት ነው፤ የሚቀየረው የሚጀምርበት ሰዓት ብቻ ስለሆነ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አያስከትልም።

አሁን ወደ መለኪያው ልግባ፤ ውሳኔያችሁ የሚያርፍበት እርሱ ነውና። ውጤቱን የምናነጻጽረው ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ 12 ሳምንታት ጋር ነው። ገናና ጥምቀት በሁለቱም ውስጥ ስለሚውሉ በበዓል ሰሞን የሚታየው የሥራ መዋዠቅ አያታልለንም። በመደበኛው ሰዓት የሚቀጥለውን የንብረት ካሳ ክፍልም ጎን ለጎን እናያለን፤ እነርሱም እኩል ከፈጠኑ ለውጡ ከሰዓቱ የመጣ ነው ማለት አንችልም።

ዋናው መለኪያ ሰነድ ተሟልቶ ከቀረበበት ቀን እስከ ክፍያ ትእዛዝ ያለው ጊዜ ነው። አምና በአማካይ 11 የሥራ ቀን ነበር፤ 9 ወይም ከዚያ በታች ከደረሰ ተሳክቷል፣ ከ11 ከበለጠ ወድቋል። በመሐል ከቆመ የማራዘሙ ውሳኔ የእናንተ ነው። ሁለተኛው የወረፋ ጊዜ ሲሆን ከ38 ወደ 25 ደቂቃ መውረድ አለበት፤ ቁጥሩን የወረፋ ማሽኑ ራሱ ይመዘግባል። ፍጥነቱ በጥራት ኪሳራ እንዳይመጣ ደግሞ ፋይናንስ ስሕተት አግኝቶ የሚመልሰው ፋይል አምና ከነበረው ከመቶ 6 መብለጥ የለበትም፤ የትርፍ ሰዓት ወጪም እንዲሁ ከአምናው አይበልጥም።

የሠራተኞች እርካታ መጠይቅ እናደርጋለን፣ ለውሳኔው ግን መመዘኛ አላደረግሁትም። ሠራተኛው እንደሚወደው ከወዲሁ እናውቃለን። የሥራ መልቀቅ ቁጥርንም ያስቀረሁት 12 ሳምንት ስለ እርሱ አስተማማኝ ነገር ለመናገር ስለሚያንስ ነው።

የወረፋ ጊዜ ለሁለት ተከታታይ ሳምንታት ከ45 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም በአንድ ሳምንት ሦስት ቀን መስኮቱ ላይ ከአራት ሰው በታች ከተገኘ፣ ኮሚቴውን ሳልጠብቅ በሚቀጥለው ሰኞ ሁሉንም ወደ ቀድሞው ሰዓት እመልሳለሁ።

የጥበቃ ሠራተኞች፣ ሾፌሮችና ገንዘብ ያዦች በዚህ ሙከራ አይካተቱም፤ ምክንያቱን እኔ ራሴ ቀርቤ አስረዳቸዋለሁ፣ ከሌላ ሰው አፍ ሊሰሙት አይገባም።

ከኮሚቴው የምፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ጥቅምት 17 በሚደረገው ስብሰባ ፈቃድ፣ መብራት ሲጠፋ ለተጨማሪዎቹ ሁለት ሰዓታት የሚሆን የጄኔሬተር ነዳጅ፣ እንዲሁም ቁጥሮቹን ከእኔ ውጭ ሆኖ የሚያጣራ አንድ የውስጥ ኦዲት ባለሙያ። የመጀመሪያውን ሪፖርት ታኅሣሥ 6፣ የመጨረሻውን ጥር 29 አቀርባለሁ።

ከሠላምታ ጋር
የተሽከርካሪ ካሳ ክፍል ኃላፊ