አንድ የባትሪ ጽሑፍ፣ ሦስት መልክ፦ ኒውስሌተር፣ ፖስቶችና የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ

ሰላም ለሁላችሁ፣

ማክሰኞ የወጣው «ስልካችን 30 በመቶ እያለው ለምን ይጠፋል?» የሚለው ጽሑፍ ለሦስቱም ቦታ ተዘጋጅቶ ከታች አለላችሁ። ኒውስሌተሩ ሐሙስ ጠዋት ይሂድ። ፖስቶቹ ከዚያው ቀን ጀምሮ በየቀኑ አንድ አንድ። ቪዲዮው ቅዳሜ።

ጽሑፉን እየቆረጥኩ አልለጠፍኩም። ኒውስሌተሩ ምክንያቱን ያስረዳል፣ ፖስቶቹ አንድ አንድ ነገር ብቻ ይዘዋል፣ ቪዲዮው ያሳያል። የኖቤሉን ታሪክ ከቪዲዮው አውጥቼዋለሁ። ደስ ይላል፣ ግን ሰከንድ ይበላል።

አንድ እርማት አለ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ «ሌሊቱን ቻርጅ ላይ ማሳደር ባትሪ ይገድላል» ብለን ነበር። «ይገድላል» በዝቷል፣ ቶሎ እንዲያረጅ ያደርጋል እንጂ። ጽሑፉ ላይ አስተካክዬዋለሁ። ፖስት ስታደርጉ የድሮውን አረፍተ ነገር ኮፒ እንዳታደርጉት አደራ።

ኒውስሌተር

የኢሜይሉ ርዕስ፦ 30 በመቶ ነበረው፣ ጠፋ

ከርዕሱ ቀጥሎ የሚታየው መስመር፦ ቁጥሩ አልዋሸም። ባትሪው ነው ያረጀው።

ሰላም፣

ስልክ እያወራችሁ ነው። ጥግ ላይ ያለው ቁጥር 30 በመቶ ይላል። ድንገት ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ስታበሩት አርማው ብቅ ይልና መልሶ ይጠፋል። ቻርጀር ስትሰኩለት ግን ምንም እንዳልተፈጠረ 28 በመቶ ብሎ ይነሳል። እኔ እንዲህ ሲያደርገኝ ስልኬን ተቆጥቼው አውቃለሁ፣ ያውም ሰው ፊት።

ስልኩ ግን አልዋሸም። ኃይሉ ውስጡ አለ። ችግሩ መውጫው ነው። ባትሪ ሲያረጅ የውስጥ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ ማለትም ኃይሉ የሚወጣበት መንገድ ይጠብባል። አፉ በግማሽ የተደፈነ ጀሪካን አስቡ። ውሃ አለው፣ ግን በአንዴ ገልብጡ ብትሉት አይወጣም። ካሜራ ስትከፍቱ ወይም ኔትወርክ ሲደክምና ስልኩ ሲግናል ሲፈልግ በአንዴ ብዙ ኃይል ይጠየቃል። በዚያች ቅጽበት የባትሪው ቮልቴጅ ወረድ ይላል። ስልኩ ደግሞ ከተወሰነ ቮልቴጅ በታች መሥራት ስለማይችል ራሱን ያጠፋል። ብርድ ላይ ሲሆን ይብሳል፤ ብርድ መንገዱን የበለጠ ያጠበዋል።

መንገዱን የሚያጠበው ምንድነው? በስልካችን ያለው ባትሪ ሊትየም አዮን የሚባለው ነው። በአንድ በኩል ግራፋይት አለ፣ በሌላው በኩል የብረታ ብረት ኦክሳይድ። ቻርጅ ስናደርግ የሊትየም አዮኖች ወደ ግራፋይቱ ይሄዳሉ፤ ስንጠቀም ይመለሳሉ። ሥራቸው ይኸው ነው፣ መመላለስ። ታዲያ በየጊዜው ጥቂቶቹ ሳይመለሱ ይቀራሉ። ግራፋይቱ ላይ ስስ ሽፋን አለ። ሽፋኑ እየወፈረ በሄደ ቁጥር ሊትየም ይዞ ያስቀራል፣ መተላለፊያውንም ይዘጋል።

ይህን ማስቆም አይቻልም። ማዘግየት ግን ይቻላል። ሽፋኑን የሚያወፍሩት ሁለት ዋና ነገሮች ይታወቃሉ፦ ሙቀት፣ እና ባትሪው ሙሉ ሆኖ ረጅም ሰዓት መቆየቱ። ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ ጉዳቱ ይደራረባል።

አሁን ማታ ማታ የምናደርገውን አስቡት። ተኛን። ስልኩ ቻርጀር ላይ ነው፣ ትራስ ስር። እኩለ ሌሊት ሳይሞላ 100 ይደርሳል። ስልኩ ሞኝ አይደለም፤ ሲሞላ መቀበል ያቆማል፣ «ከመጠን በላይ ሞልቶ» የሚባል ነገር የለም። ግን እስኪነጋ ድረስ ሙሉ ሆኖ ይቆያል። ትራሱ ደግሞ ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል። ሁለቱንም ጠላቶች በአንድ አልጋ አስተኛናቸው ማለት ነው።

«ጨርሰህ ነው መሙላት ያለብህ» የሚለውን ምክር ሁላችንም ሰምተናል። ምክሩ ውሸት አልነበረም፣ ጊዜው አልፎበት ነው። የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች በደንብ ሳያልቁ ደጋግመው ሲሞሉ አቅማቸው ያነሰ ይመስል ነበር። ሊትየም አዮን ያ ጠባይ የለውም። እንዲያውም ዜሮ መድረስ አይወድም።

አንድ ሂሳብ ላሳያችሁ። የባትሪ ዕድሜ የሚቆጠረው በሙሉ ዙር ነው። ቻርጀር መሰካት ብቻውን ዙር አይባልም። ዛሬ 50 በመቶ ተጠቀማችሁ፣ ነገም 50፤ ሁለቱ ተደምረው አንድ ዙር ናቸው። አፕል አይፎን 14ና ከዚያ በፊት ያሉትን ሲሠራ ባትሪው ከ500 ዙር በኋላ 80 በመቶ አቅሙን እንዲይዝ ነው ያሰበው፤ ከአይፎን 15 ጀምሮ 1000 ዙር። በየቀኑ ሙሉውን ባትሪ የሚጨርስ ሰው 500ውን ዙር በአንድ ዓመት ከአራት ወር ገደማ ያዳርሰዋል። በቀን ግማሹን የሚጠቀም እጥፍ ጊዜ ይወስድበታል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ትንሽ ትንሽ መሰካት ባትሪ አይጎዳም። ቀን ላይ አሥር ደቂቃ ካገኛችሁ ሰኩት።

በትርፍ ጊዜያችሁ የምታወሩት ደግሞ ይኸው። ሶኒ የመጀመሪያውን የሊትየም አዮን ባትሪ ለገበያ ያቀረበው በ1991 ነው። ባትሪውን ያበለጸጉት ሦስት ሰዎች፣ ጆን ጉድኢነፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ፣ የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙት ግን በ2019 ነው። ጉድኢነፍ ያኔ 97 ዓመታቸው ነበር፤ በኖቤል ታሪክ በዕድሜ ትልቁ ተሸላሚ ናቸው። ባትሪያቸው ያረጃል፣ እሳቸው ግን ቆዩ።

ዛሬ ማታ ምን ታደርጉ? ስልኩን ከትራስ ስር አውጡት፣ ጠረጴዛ ላይ አድርጉት። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ግቡ። አይፎን ላይ `Optimized Battery Charging` ይባላል፤ ልማዳችሁን አይቶ 80 ላይ ይቆምና ልትነሱ ሲል ይሞላዋል። ፒክስል ላይ `Adaptive Charging` ነው። ሳምሰንግ ላይ `Battery protection` ብላችሁ ፈልጉ። አንዴ ካበራችሁት ትረሱታላችሁ፣ ደስ የሚለውም እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። የስልኩ ጀርባ ካበጠ ወይም ስክሪኑ ከፍሬሙ ከተነሳ ይህ ሁሉ ምክር አይመለከታችሁም። ቻርጅ ማድረጉን አቁሙ፣ አትጫኑት፣ አትውጉት፣ ወደ ጥገና ባለሙያ ውሰዱት።

ሙሉውን ጽሑፍ፣ ስለ ፈጣን ቻርጀርና ለወራት ስለማይነካ ስልክ የጻፍነውን ጨምሮ፣ ከታች ያለውን ቁልፍ ተጭናችሁ አንብቡት።

የናንተ ስልክ ስንት በመቶ ላይ ነው የሚጠፋው? ለዚህ ኢሜይል መልሱልኝ። ሁሉንም አነባለሁ።

የቴሌግራም ፖስት፣ ሐሙስ

ስልክ ለምን 30 በመቶ እያለው ይጠፋል? 🔋

ኃይሉ አለ፣ መውጫው ጠቦ ነው። ያረጀ ባትሪ ካሜራ ስትከፍቱ የሚጠየቀውን ኃይል በአንዴ መስጠት ያቅተዋል። ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ስልኩ ይጠፋል።

ምን ያስረጀዋል? ሙቀትና 100 ላይ ተገትሮ ማደር።

ማታ ከትራስ ስር አውጡት። የቀረውን ጽሑፉ ላይ አብራርተናል 👇

የፌስቡክ ፖስት፣ ዓርብ

«ባትሪው ሙልጭ ብሎ ሳያልቅ እንዳትሰኪው!»

ይህን ያላለ ዘመድ ያለው ሰው አለ? 😄 ምክሩ ለድሮዎቹ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ይሠራ ነበር። አሁን በእጃችሁ ያለው ሊትየም አዮን ነው፣ ዜሮ መድረስ አይስማማውም። 40 ላይ ሰኩት፣ 60 ላይ ሰኩት፣ አይቀየምም።

ምክሩን የሰጣችሁን ሰው ታግ አድርጉት፣ በፍቅር።

ለኤክስ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ተያያዥ ሦስት

አንደኛ፦ ቻርጀር በሰካችሁ ቁጥር የባትሪያችሁ ዕድሜ በአንድ አይቀንስም። የሚቆጠረው ሙሉ ዙር ነው።

ሁለተኛ፦ ዛሬ 50፣ ነገ 50፤ አንድ ዙር። ስለዚህ በቀን አምስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ መሰካት ችግር የለውም።

ሦስተኛ፦ ችግሩ ሙቀት ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ተቀምጦ ቻርጅ የሚደረግ ስልክ፣ እሱ ነው የሚያሳዝነው።

ኢንስታግራም ላይ ጽሑፍ አላበዛሁም። የቪዲዮው ካፕሽን ይበቃል። ሊንክድኢን ላይ ምንም አይውጣ፤ ስለ ባትሪ «ሦስት የአመራር ትምህርቶች» መጻፍ አልፈልግም።

የቪዲዮ ስክሪፕት፣ 60 ሰከንድ፣ ቁም

0–4 ሰከንድ
ምስል፦ ስልኩ በቅርበት። ካሜራው ይከፈታል፣ 30 በመቶ ይታያል፣ ስክሪኑ ይጠፋል።
ድምፅ፦ (ዝም። ከዚያ) «ኧረ! ሠላሳ ነበረው እኮ!»

4–18
ምስል፦ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ እኩል ውሃ። የአንዱ ክዳን ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ። ሁለቱም በአንዴ ይገለበጣሉ።
ድምፅ፦ «ሁለቱም እኩል ውሃ አላቸው። ይህ አዲስ ባትሪ ነው። ይህ ያረጀው። ውሃው አለ፣ ግን በአንዴ መውጣት አልቻለም። ስልካችሁም እንዲሁ ነው የሚጠፋው።»
ስክሪን ላይ፦ ኃይሉ አለ፣ መውጫው ጠቧል

18–34
ምስል፦ አልጋ፣ መብራት ይጠፋል፣ ትራስ ስር የቻርጅ ሽቦ ይገባል። ግድግዳ ሰዓቱ ይሮጣል።
ድምፅ፦ «መውጫውን የሚያጠቡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ሙቀት። ሁለተኛው፣ መቶ ሆኖ ለሰዓታት መቆየት። ትራስ ስር ያለ ስልክ ሁለቱንም አገኘ።»
ስክሪን ላይ፦ ሙቀት + 100

34–50
ምስል፦ እጅ ስልኩን ከትራስ ስር አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ያደርጋል። ከዚያ የስክሪን ቅጂ፣ ሴቲንግ ሲከፈት።
ድምፅ፦ «ስልኩ አየር ያግኝ። ከዚያ የባትሪ ሴቲንግ ግቡና ሰማንያ ላይ የሚያቆመውን አብሩት። አንዴ ብቻ።»
ስክሪን ላይ፦ `Optimized Battery Charging` / `Adaptive Charging` / `Battery protection`

50–60
ምስል፦ ተናጋሪዋ ፊት ለፊት፣ ሁለተኛው ጠርሙስ ከጀርባዋ ገና እየተንጠባጠበ።
ድምፅ፦ «ጀርባው ካበጠ ግን ቻርጅ አታድርጉት፣ ወደ ጥገና ውሰዱት። የናንተ ስንት በመቶ ላይ ነው የሚጠፋው?»

ካፕሽን፦ 30 በመቶ ነበረው 😩 ለምን እንደሚጠፋ በጠርሙስ አሳየናችሁ።

ለቀራጩ፦ ጠርሙሱን ስትቀርጽ ቀዳዳው በጣም እንዳይጠብ፣ ትናንት ስሞክረው ጭራሽ ውሃው አልወጣ አለኝ። በወፍራም ሚስማር ብሳው። ፎጣም ያዝ።