የመጋቢት 2017 ወርሃዊ የገቢ ማብራሪያ ለወተት አምራቾች ማኅበራችን አባላት

ሐረር፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017
ከሂሳብ ክፍልና ከቁጥጥር ኮሚቴ

ውድ አባላት፣

ሚያዝያ 1 ጠዋት ሲስተሙ በየስልካችሁ የላከው መልእክት እንዲህ ይላል፦ «መጋቢት 2017። ገቢ 1,556,780 ብር። ከየካቲት ለውጥ −20.9%። የተረከብነው 18,900 ሊትር። ያልታወቀ 440 ሊትር።» ከዚያ ወዲህ ብዙዎቻችሁ ደውላችኋል። ጥያቄው ሁለት ነው፤ ገንዘቡ የት ገባ? 440 ሊትሩስ ማን ጋ ቀረ? ሲስተሙ ሚዛኑ የላከለትን ሊትርና ደረሰኙ ላይ ያለውን ብር ይደምራል እንጂ ምክንያት አይናገርም። ምክንያቱን እኛ ከዕለታዊ መዝገቡ ፈልገን አውጥተናል።

መጀመሪያ የክፍያችሁን ነገር እናንሳ። የመረከቢያ ዋጋ አልተነካም፤ እንደ የካቲት በሊትር 70 ብር ነው። ክፍያው ሰኞ ሚያዝያ 6 ይገባል። ከጠበቃችሁት አንሶ ካገኛችሁት ሁለት ነገር እዩ፦ ያስረከባችሁትን ሊትርና በዱቤ የወሰዳችሁትን ፉርሽካ። ፉርሽካው በወረቀታችሁ ላይ «ተቀናሽ» በሚለው ረድፍ ይገኛል።

ገቢው ከየት ከየት ቀነሰ

የየካቲት ገቢ 1,969,200 ብር ነበር፤ ልዩነቱ 412,420 ብር ነው። ሲተነተን ይህን ይመስላል፦

| የሽያጭ መስመር | የካቲት (ብር) | መጋቢት (ብር) | ቅናሽ (ብር) |
|---|---|---|---|
| ሐረር መሸጫ ሱቆች | 855,000 | 769,500 | 85,500 |
| ድሬዳዋ ካፌዎች | 739,200 | 489,280 | 249,920 |
| እርጎ | 330,000 | 264,000 | 66,000 |
| ቅቤ | 45,000 | 34,000 | 11,000 |

ከቅቤ በቀር የየትኛውም መሸጫ ዋጋ አልተለወጠም፦ ወተት ሐረር 95፣ ድሬዳዋ 88፣ እርጎ 110 ብር በሊትር። ቅቤ በጾሙ ምክንያት ከ900 ወደ 850 ብር በኪሎ ወርዷል፤ ይህ ያመጣው ልዩነት 2,000 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ የገቢው መቀነስ የዋጋ ሳይሆን የሊትር ጉዳይ ነው።

ስለ 440ው ሊትር

ወተቱ አልጠፋም። ሲስተሙ የድሬዳዋን ሽያጭ የሚቆጥረው ወተቱ በተጫነበት ቀን ሳይሆን ካፌው መረከቡን በስልክ ባጸደቀበት ቀን ነው። የመጋቢት 29 እና 30 ጭነት እያንዳንዳቸው 220 ሊትር ነበሩ፤ የጸደቁት ግን ሚያዝያ 2 ነው። ወተቱ ከጋኑ በመጋቢት ስለወጣ ብሩም በሚያዝያ ስለተመዘገበ በመሃል ያለው «ያልታወቀ» ተባለ። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አይተናቸዋል፤ 440 ሲባዛ በ88 ብር 38,720 ብር ነው፣ ሙሉው በሚያዝያ ሂሳብ ውስጥ ገብቷል። በሚቀጥለው ወር መልእክት ይኸው ብር የሚያዝያን ገቢ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ያኔም ጭማሪ መስሏችሁ እንዳትሸወዱ።

ይህ ሲነሳ እውነተኛው ቅናሽ 373,700 ብር፣ ማለትም 19 በመቶ ነው።

የመጣው ወተት

የተረከብነው ወተት በ2,700 ሊትር ቀንሷል። ጣቢያ በጣቢያ ስናየው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ከተማ ከ6,300 ወደ 6,150፣ ሶፊ ከ7,500 ወደ 6,900፣ ኤረር ግን ከ7,800 ወደ 5,850 ወርዷል። የከተማው አባል ዓመቱን ሙሉ ፉርሽካና ፋጉሎ ስለሚያበላ ድርቁ ብዙም አልነካውም። ገጠር ያለው የማሽላ አገዳው በዚህ ወቅት ያልቃል፣ ዝናቡም ገና ሣር አላበቀለም፤ ላሟ ያላገኘችውን አትሰጥም።

የኤረር 1,950 ሊትር ግን በመኖ ብቻ አይገለጽም። ጠዋቱንና ማታውን ለይተን ስናወጣው 1,300 ሊትሩ የጎደለው ከማታ ወተት ነው፤ እስከ መጋቢት 20 ድረስ በቀን 60 ሊትር፣ ከኢድ ዕለት ጀምሮ ባሉት አሥር ቀናት ደግሞ በቀን 10 ሊትር ብቻ። ረመዳን ውስጥ ለማፍጠሪያ የሚሆን ወተት ነጋዴዎች በር ድረስ መጥተው፣ ብሩን እዚያው ቆጥረው ይወስዱ ነበር። ለአባሉ ይህ ኪሳራ አይደለም፤ የማኅበሩ ገቢ ሲቀንስ የእሱ ኪስ የግድ ቀንሷል ማለት አይቻልም። ማኅበሩ ግን የማቀዝቀዣውን ነዳጅ፣ የሹፌሩንና የጥበቃውን ደመወዝ ወተቱ ቢመጣም ባይመጣም ይከፍላል።

ያልተሸጠውና የተበላሸው

ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ስለገባ የካቲት ውስጥ 16 ቀን ከጾም ውጪ ነበር፤ መጋቢት ግን ከዳር እስከ ዳር ጾም ነው። እስከ መጋቢት 20 ረመዳንም አብሮ ነበር። የከዚራና የሳቢያን ካፌዎች በሁለቱም ጾሞች ተመቱ፤ ቀን ላይ ማኪያቶ የሚጠጣው ሰው ሳሳ፣ ትዕዛዛቸውም በቀን ከ280 ወደ 200 ሊትር ወረደ። የሐረር ሱቆቻችን ነገር ግን ተቃራኒ ነው። ገዢው ለቤት፣ ለማፍጠሪያ ስለሚወስድ እስከ መጋቢት 20 በቀን 295 ሊትር ሸጠናል፤ ከኢድ ዕለት ጀምሮ ወደ 220 ወረደ። የእርጎው ሽያጭም ከ3,000 ወደ 2,400 ሊትር ዝቅ ብሏል።

ተርፎ ወደ ቅቤ የዞረው ወተት ከ1,050 ወደ 1,890 ሊትር አደገ። ለአንድ ኪሎ ቅቤ 21 ሊትር ወተት እየሄደ 90 ኪሎ ወጣ፤ የተሸጠው 40 ኪሎ ነው፣ 50 ኪሎው በማቀዝቀዣ ተቀምጧል። ለፋሲካ ይወጣል። እስኪሸጥ ድረስ ግን በገቢ ውስጥ የለም፤ ሲስተሙም በንብረት እንጂ በገቢ አይቆጥረውም። እውነቱን ለመናገር የጎደለው 2,700 ሊትር ቢመጣ ኖሮ አብዛኛው ቅቤ ይሆን ነበር።

ወቅቱን ከወቅቱ ጋር ማስተያየት ይሻላል። መጋቢት 2016ም ሁለቱ ጾሞች የተገናኙበት ወር ነበር። ያኔ ወተትና እርጎ ተደምሮ 16,150 ሊትር ሸጠናል፤ ዘንድሮ የ29 እና የ30ው ጭነት ተጨምሮ 16,500። በዚህ መለኪያ ሽያጩ አልወደቀም፣ እንዲያውም በትንሹ ጨምሯል።

ወቅቱ የማያስረዳው የብልሽቱን ቁጥር ነው። መጋቢት 2016 ላይ 190 ሊትር፣ ባለፈው የካቲት 150 ሊትር ነበር፤ አሁን 510 ሊትር። ለእያንዳንዱ ሊትር ለአባሉ 70 ብር ከፍለናል፤ 35,700 ብር ተደፍቷል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 90 ሊትር ከኢድ በኋላ ሱቅ ውስጥ ሳይሸጥ ያደረ ነው። 150 ሊትሩ መጋቢት 12 ሌሊት መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ባትሪው ሞቶ ስላልተነሳ የኮመጠጠ ነው፤ ባትሪው ተቀይሯል። ቀሪው 270 ሊትር ከድሬዳዋ ተመልሶ የመጣ ነው፦ መጋቢት 7 ቀን 50፣ 8 ቀን 60፣ 16 ቀን 120፣ 23 ቀን 40።

አራቱም ቀናት አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፦ የኤረር የጠዋት ወተት ዘግይቶ ደርሷል። የመጋቢት 16ን እንውሰድ። ጋኑ ውስጥ 240 ሊትር የማታ ወተት በ4 ዲግሪ ነበር። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ 160 ሊትር የጠዋት ወተት በ29 ዲግሪ ተጨመረበት፤ ድብልቁ 14 ዲግሪ ሆነ። ጋኑ ይህን ወደ 4 ለመመለስ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ መኪናው ግን 3 ሰዓት ላይ ተነሳ። ደንገጎን ወርዶ ድሬዳዋ ሲደርስ በሙቀቱ ላይ ሙቀት ተጨመረ፣ ካፌዎቹ ሲያፈሉት ተቆራረጠ። ጣቢያው ላይ በአልኮል ሲመረመር ደህና ነበር፤ ስለዚህ ጥፋቱ የአስረካቢው አባል አይደለም፣ ከማንም ክፍያ አይቆረጥም።

ከሚያዝያ 1 ጀምሮ ወደ ድሬዳዋ የሚጫነው የማታ ወተት ብቻ ሆኗል። መጋቢት ላይ በቀን በአማካይ 260 ሊትር የማታ ወተት ስንረከብ ካፌዎቹ የሚፈልጉት 200 ነው፤ ይበቃል። የጠዋቱ ለሐረር ሱቆችና ለእርጎ ይውላል። መኪናው ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት ይነሳል፤ ከመነሳቱ በፊት የጋኑ ሙቀት ይለካል፣ ከ6 ዲግሪ በላይ ከሆነ ጭነቱ ይቀራል። የተለካው ቁጥር ከደረሰኙ ጋር ይመዘገባል፣ ሲስተሙም ከዚህ ወር ጀምሮ ያሳየዋል። ካፌዎች ከፋሲካ በኋላ ትዕዛዝ ሲጨምሩ የማታው ብቻ አይበቃ ይሆናል። ለዚያ ጊዜ የኤረር የጠዋት ወተት ከ1 ሰዓት በፊት እንዲሰበሰብ ከጣቢያው ተረካቢዎች ጋር እየተነጋገርን ነው።

ከገቢው ላይ ምን ቀረ

የካቲት ላይ ለአባላት 1,512,000 ብር ከፍለን፣ 218,000 ብር የሥራ ማስኬጃ አውጥተን 239,200 ብር ተርፎናል። መጋቢት ላይ ለአባላት 1,323,000፣ ለሥራ ማስኬጃ 226,000 ብር (ጭማሪው የጄኔሬተር ነዳጅና ባትሪው ነው) ወጥቶ የቀረው 7,780 ብር ነው። ገቢው በአምስተኛ ሲቀንስ ትርፉ ለምን እንዲህ ተንኮታኮተ ለምትሉ፣ ለወተት የሚከፈለው ከሊትሩ ጋር ይወርዳል፤ ኪራይ፣ ደመወዝና ነዳጅ ግን አይወርዱም። የድሬዳዋው 38,720 ብር ቢጨመርበት ትርፉ 46,500 ይሆን ነበር፤ ወተቱን ለአባላት የከፈልነው በመጋቢት ሂሳብ ነውና።

የሚያዝያ ገቢ እስከ ወሩ አጋማሽ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ፋሲካ ሚያዝያ 12 ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ 11 ቀናት አሁንም ጾም ናቸው።

ዕለታዊውን መዝገብ፣ የሁለቱን ጭነቶች ደረሰኝና የጣቢያዎቹን ዝርዝር ማየት የሚፈልግ አባል ቅዳሜ ሚያዝያ 4 ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ሐረር መሰብሰቢያ ጣቢያ ይምጣ፤ የመጋቢት የክፍያ ወረቀቱን ይዞ ቢመጣ የራሱን ሊትር እዚያው እናስተያያለን።