የክሊኒካችን አዲስ የሥራ ሰዓትና የተጨመሩ አገልግሎቶች

ውድ የሐዋሳ ደንበኞቻችን፣ ከጥቅምት 1 ጀምሮ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 1፡00 እስከ ምሽቱ 3፡00፣ እሁድ ከጠዋቱ 2፡00 እስከ ቀኑ 7፡00 እንሠራለን። ከሥራ ወጥታችሁ ለምትመጡ ካርድ የምናወጣው እስከ ምሽቱ 2፡30 ነው። ምሳ ሰዓት ላይ አንዘጋም።

አልትራሳውንድ ጀምረናል፦ ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡00። ለሆድ ምርመራ ቢያንስ 6 ሰዓት ምግብ ሳይበሉ ይምጡ፤ ከተበላ የሐሞት ከረጢት ስለሚኮማተር ጠጠር ቢኖርም በደንብ አይታይም። ለመጀመሪያዎቹ ወራት እርግዝና ግን በተቃራኒው ነው፦ ከምርመራው አንድ ሰዓት ቀደም ብለው 4 ብርጭቆ ውኃ ጠጥተው ሽንት ሳይሸኑ ይምጡ።

በባዶ ሆድ የሚደረግ የስኳር ምርመራ በየቀኑ ጠዋት እስከ 4፡00 ድረስ ብቻ ነው። ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለ8 ሰዓታት ምግብ መብላት አይቻልም፤ ውኃ ይፈቀዳል፣ ቡናና ሻይ ግን አይፈቀድም። የስኳር መድኃኒትዎን ይዘው ይምጡ፤ ደም ከሰጡ በኋላ ከቁርስ ጋር ይወስዱታል።

የሰገራ ናሙና ከቤት የምታመጡ፣ እባካችሁ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቆይ፤ አሜባው ሞቶ ውጤቱ ያሳስታል። ንጹሕ ዕቃ ካርድ ክፍል በነፃ እንሰጣለን።

አድራሻ፦ ፒያሳ፣ ከገብርኤል ቤተክርስቲያን ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ፣ በስተግራ፣ ምድር ቤት። ለባጃጅ ሹፌሩ «ገብርኤል» ማለት ይበቃል።