ልጆቹ ትምህርት ዘጉ? በሉ አገር ቤት እንገናኝ!

ከአሜሪካ ከአውሮፓ ከአረብ አገር ለክረምት የምትመጡ ወገኖቻችን፣ መቼም ሁሌ እንደምታደርጉት ሶስት ሳምንቱን ከአክስት ቤት አጎት ቤት ምሳ ስትበሉ አትጨርሱትም አይደል 😄 ዘንድሮ እማማንም የአክስት ልጆችንም ጭናችሁ ሀዋሳና አርባ ምንጭ እንውሰዳችሁ፣ 5 ቀን 4 ሌሊት።

ጠዋት ሀዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል የአሳ ገበያ ትወርዳላችሁ፣ አሳ አጥማጆቹ አሳውን ሲገፍፉ ቁመታቸው ልጅ የሚያክለው አባ ኮዳ ወፎች እግራቸው ስር ቆመው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ፣ ልጆቹ ታብሌታቸውን የሚረሱት እዚች ጋ ነው፣ እናንተ ደግሞ ትኩስ የአሳ ሾርባ። ከዛ አርባ ምንጭ ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ አዞዎቹ የሚሰበሰቡበት የአዞ ገበያ፣ ዶርዜ ላይ ቆጮ በዳጣ።

ለአዋቂ 38,500 ብር፣ ከ5 አመት በታች ነፃ። ሚኒባስ ከነሹፌሩ፣ ሆቴል ከነቁርሱ፣ ጀልባና መግቢያ ሁሉም አለበት፣ ምሳና እራት በራሳችሁ ነው።

መነሻ ሐምሌ 11፣ ሐምሌ 25 እና ነሐሴ 8። በነሐሴ 8ቱ የሚሄድ ነሐሴ 12 ማታ ተመልሶ በማግስቱ ቡሄ ላይ ሙልሙሉን ይዞ ቤቱ ነው!

ዝናብ አለ፣ አንዋሽም፣ ጃኬት ያዙ። ቦታ ለመያዝ ኢንቦክስ፣ ቀብዱ 30 ፐርሰንት።