የ10 ሳምንት ፕሮግራምህ፦ ከስኳት 150፣ ከቤንች 100 እና ከዴድሊፍት 180 ተነስተህ እስከ ውድድሩ ቅዳሜ

እሺ ወንድሜ፣ ፕሮግራምህ ይኸው። ከጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት ሰኞ ጀምረን ታህሳስ አጋማሽ ላይ ለፓወርሊፍቲንግ ውድድሩ አዲስ አበባ እንወርዳለን። የሰራሁት ባለፈው ወር ባነሳሃቸው ቁጥሮች ነው፤ ስኳት 150፣ ቤንች ደረት ላይ አቁመህ 100፣ ዴድሊፍት 180። «አሁንማ 160 እቀመጣለሁ» የሚል ሐሳብ ካለህ ለራስህ ያዘው፣ ውድድሩ ላይ ታሳየኛለህ።

ሦስት ሞገድ አለው፣ እያንዳንዱ ሦስት ሳምንት። በአንድ ሞገድ ውስጥ ኪሎው በየሳምንቱ ይጨምራል፣ ድግግሞሹ ይቀንሳል። ሞገዱ ሲያልቅ ኪሎው ይወርዳል፣ ግን የሚወርድበት ቦታ ካለፈው ሞገድ መነሻ ከፍ ያለ ነው። ይሄን መውረድ እንደማትወደው አውቃለሁ። 4ኛው ሳምንት ላይ «ይሄማ ቀላል ነው» ብለህ 10 ኪሎ ልትጭን ነው። እንዳትጭን! ጀማሪ ሳለህ በየሳምንቱ 2.5 ኪሎ እየጨመርክ ትሄድ ነበር፣ ያ ጊዜ አልፏል። አሁን ተከታታይ ከባድ ሳምንታት የሚያጠራቅሙት ድካም ያተረፍከውን ጥንካሬ ይሸፍነዋል፣ ቀለል ያለው ሳምንት ድካሙን ሲያራግፍልህ ነው ጉልበቱ ብቅ የሚለው። ስለዚህ ከፕሮግራሙ አንድ ነገር ብቻ ላክብር ብትለኝ፣ የምልህ 4ኛውንና 7ኛውን ሳምንት ነው።

ቀኖቹ፦ ሰኞ ስኳት፣ ማክሰኞ ቀላል ቤንች፣ ሐሙስ ዴድሊፍት፣ ቅዳሜ ከባዱ ቤንች። ረቡዕና ዓርብ ስለምትጾም ከባድ ነገር አላደረግኩባቸውም። ማክሰኞ ቤንቹ ሁሌም 65 ኪሎ ነው፣ 5 ዙር በ4 ድግግሞሽ፣ ደረትህ ላይ ሁለት ሰከንድ እያቆምክ። ሐሙስ ከዴድሊፍት በኋላ ስኳት 90 ኪሎ 2 ዙር በ4፣ ለቅርጽ ብቻ። ቅዳሜ ከቤንች በኋላ ለጀርባ የሚሳብ ነገር ጨምር፣ የትኛውም ይሁን፣ እዚያ ላይ አልጨቃጨቅህም።

አንደኛ ሞገድ። ስኳት 4 ዙር ነው፦ 1ኛ ሳምንት 105 በ6፣ 2ኛ 112.5 በ5፣ 3ኛ 120 በ4። ቤንችም 4 ዙር፦ 70 በ6፣ 75 በ5፣ 80 በ4። ዴድሊፍት ወገብ ስለሚያደክም 3 ዙር ብቻ፦ 125 በ6፣ 135 በ5፣ 145 በ4። እያንዳንዱን ዙር ስትጨርስ ቢያንስ ሁለት ድግግሞሽ ሊቀርህ ይገባል። እያጓራህ የጨረስከው ዙር ካለ ኪሎው በዝቷል ማለት ነው።

ሁለተኛ ሞገድ። የዙሩ ብዛት ያው ነው። ስኳት 115 በ5፣ 122.5 በ4፣ 127.5 በ3። ቤንች 77.5 በ5፣ 82.5 በ4፣ 85 በ3። ዴድሊፍት 137.5 በ5፣ 147.5 በ4፣ 152.5 በ3። ጂማችን ውስጥ 1.25 ፕሌት ስለሌለ በ2.5 የሚያልቀውን ወደ ታች አውርደው፤ 122.5ን 120 አድርገው፣ 125 አታድርገው። 6ኛው ሳምንት የዚህ ሁሉ ከባዱ ነው። እግርህ ይዝላል፣ እንቅልፍ ያምርሃል፣ ጭራሽ የደከምክ ይመስልሃል። ያኔ ደውልልኝ እንጂ ፕሮግራሙን አትቀይር።

ጾመ ነቢያትም ኅዳር 15 ይገባል፣ አንተ ወደ 6ኛው ሳምንት ስትጠጋ ማለት ነው። ሥጋና እንቁላል ከሌለ ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ባቄላውና ሽሮው መብዛት አለበት፣ ኦቾሎኒም ከኪስህ አይጥፋ። በሶ ከስልጠና በፊት ጥሩ ነው፣ ግን ጉልበት ይሰጥሃል እንጂ ጡንቻህን ብቻውን አይጠግንም። ከሰዓት ድረስ የምትጾም ከሆነ ስልጠናውን ወደ ማታ አዙረው፣ በልተህ ና።

ሦስተኛ ሞገድ። 7ኛ ሳምንት ስኳት 122.5፣ ቤንች 82.5፣ ዴድሊፍት 147.5፣ ሁሉም 3 ዙር በ3። ከ8ኛው ሳምንት ጀምሮ ግን ሰኞና ሐሙስ ይለዋወጣሉ፦ ዴድሊፍት ሰኞ፣ ስኳት ሐሙስ፤ ያቺ ቀላሏ ስኳትም ትቀራለች። ምክንያቱም ከከባድ ዴድሊፍት ለማገገም ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፣ የመጨረሻው ከባድ ቀን ከውድድሩ እንዲርቅ እፈልጋለሁ። 8ኛ ሳምንት ዴድሊፍት 157.5፣ ስኳት 132.5፣ ቤንች 87.5፣ 3 ዙር በ2። 9ኛ ሳምንት አንድ አንድ ጊዜ ብቻ፦ ሰኞ ዴድሊፍት 165፣ ሐሙስ ስኳት 140፣ ቅዳሜ ቤንች 92.5። ከዚያ ሌላ አታንሳ። እነዚህ ሦስቱ ውድድሩን የምትከፍትባቸው ኪሎዎች ናቸው፤ በ9ኛው ሳምንት እዚሁ ጂም በዳኛ ትእዛዝ ታነሳቸዋለህ፣ ዳኛው እኔ ነኝ። ስኳት ላይ «ስኳት» እና «ራክ»፣ ቤንች ላይ «ስታርት»፣ «ፕሬስ»፣ «ራክ»፣ ዴድሊፍት ላይ «ዳውን» ብቻ። ትእዛዙን ሳትጠብቅ ባሩን ከመለስክ ቀይ ነው፣ ክብደቱን እንደ ላባ ብታነሳውም። ስኳት ላይ የዳሌህ እጥፋት ከጉልበትህ አናት በታች መውረድ አለበት፣ እና እኔ ስልኬን በጎን አስቀምጬ እቀርጽሃለሁ።

10ኛ ሳምንት፦ ሰኞ ስኳት 105 ኪሎ 2 ዙር በ3፣ ቤንች 75 ኪሎ 3 ዙር በ2። ረቡዕ ስኳት 90 እና ቤንች 70፣ 2 ዙር በ2። ዴድሊፍት የለም። ሰውነትህ «እንስራ» እያለ ያሳክክሃል፣ ዝም በለው።

በመሐሉ አንድ ዙር ቢከሽፍ ከባሩ 5 በመቶ አውርደህ የቀሩትን ጨርስ፣ የከሸፈውን በሌላ ቀን ልካስ አትበል። ቀን ካመለጠህም አመለጠህ። በዙሮች መካከል ከ3 እስከ 5 ደቂቃ እረፍ፤ ደብረ ብርሃን ከፍታው ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነ ትንፋሽህ እስኪመለስ ጠብቅ። ኅዳርና ታህሳስ ደግሞ ውርጩን ታውቀዋለህ፤ ጠዋት ባሩ ራሱ በረዶ ነው። በባዶ ባር ሁለት ዙር፣ ከዚያ ለስኳትና ለዴድሊፍት 60፣ 80፣ 100 እያልክ ውጣ። ሹራብህን ከባዱ ዙር እስኪደርስ አታውልቅ።

ዓርብ ከሰዓት በፊት እንነሳለን፣ መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 81 ኪሎ ነህ፣ ምድቡ 83 ነው፣ ስለዚህ ላብ በላብ ሆኖ ኪሎ መቀነስ የሚባል ነገር እንዳታስብ። በዓለም አቀፉ ሕግ ሚዛን ውድድሩ ከመጀመሩ 2 ሰዓት በፊት ይከፈታል፣ ከሚዛን ወርደህ ሩዝ ወይ ዳቦ በሻይ ትበላለህ።

በየእንቅስቃሴው ሦስት ሙከራ አለህ። ስኳት 140፣ 147.5፣ 155። ቤንች 92.5፣ 97.5፣ 102.5። ዴድሊፍት 165፣ 177.5፣ 185። ሁሉም ከገባ የሦስቱ ትልልቅ ኪሎዎች ድምር 442.5 ነው። መክፈቻዎቹ ብቻ ቢገቡ 397.5፣ እሱም ውጤት ነው፣ ምክንያቱም ከሦስቱ በአንዱ ሦስቱንም ሙከራ የሳተ ሰው ድምሩ አይቆጠርለትም። ለዚህ ነው መክፈቻውን ተኝተህ ብትነሳ እንኳ የምታነሳው ቁጥር ያደረግኩት። የተጠየቀ ኪሎ ከከሸፈ ዝቅ ማድረግ አይፈቀድም፣ መድገም ወይ መጨመር ነው። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ የሚቀጥለውን ለማስመዝገብ 1 ደቂቃ አለን፣ ወረቀቱን የምሞላው እኔ ነኝ። ሁለተኛው ዴድሊፍትህ ከጉልበትህ በላይ ከተንቀራፈፈ ሦስተኛው 180 ነው፣ እንዳትከራከረኝ።