ድሃ የምንለው ማንን ነው? የገቢ ወለልና ዘርፈ ብዙ የድህነት መለኪያ

እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ዓለም ባንክ የአስከፊ ድህነትን ወለል በቀን ከ2.15 ዶላር ወደ 3 ዶላር ከፍ አደረገ። የድሆች ቁጥር ወዲያው ከ100 ሚሊዮን በላይ ጨመረ። በዚያ ቀን ግን የማንም ጓዳ አልጎደለም። የተቀየረው መስፈሪያው ነው። የዋጋ ማነጻጸሪያው ዓመት ከ2017 ወደ 2021 ተሸጋገረ፣ የደሃ አገሮች የየራሳቸው ወለልም ከፍ ብሎ ተገኘ።

ባንኩን መውቀሴ አይደለም። ማሻሻሉ ተገቢ ነው። የገቢ ወለል ትልቁ ችግር ሌላ ቦታ ነው ያለው፦ ገንዘብ የሚገዛው በአካባቢው የሚገኝን ነገር ብቻ ነው። በቀን 3.20 ዶላር የምታገኝ እናት በአካባቢዋ ጤና ጣቢያ ከሌለ፣ ውኃ ለመቅዳት ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ከሄደች፣ ሃያ ሳንቲሟ ምን ያደርግላታል? በመዝገቡ ላይ ግን ድሃ አይደለችም።

ዘርፈ ብዙው መለኪያ የመጣው ይህን ለማሳየት ነው። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎችና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ አደረጉት። ጤና፣ ትምህርትና የኑሮ ደረጃ እኩል አንድ ሦስተኛ ክብደት አላቸው፣ በሥራቸው 10 አመልካቾች አሉ። ከጠቅላላው ክብደት ቢያንስ አንድ ሦስተኛው የጎደለበት ቤተሰብ ድሃ ይባላል።

እዚህ ጋ ነው እኔን የሚከብደኝ። መብራት፣ ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤት፣ ደህና ቤትና ንጹሕ የማብሰያ ኃይል የሌለውን ቤተሰብ አስቡት። እያንዳንዱ አንድ አሥራ ስምንተኛ ስለሆነ ድምሩ 5/18 ነው፣ ወደ 28 በመቶ። ተጋላጭ ይባላል እንጂ ድሃ አይባልም። ባለፉት አምስት ዓመታት ልጅ የሞተበት ቤት ደግሞ ለሞቱ 3/18 ይያዝለታል፣ ይህም መብራት፣ ደህና ቤትና የማብሰያ ኃይል ከማጣት ጋር እኩል መሆኑ ነው። ይህን ሚዛን ያስቀመጠው ተፈጥሮ አይደለም፣ ሰው ነው። እርግጥ የገቢ ወለሉም የራሱ ሚዛን አለው፤ በገበያ ዋጋ ውስጥ ስለተደበቀ ነው የማይታየን። ዘርፈ ብዙው ቢያንስ ክብደቱን በግልጽ አስቀምጦ "ተከራከሩኝ" ይላል፣ ለዚህ አከብረዋለሁ።

ሌላው ጊዜ ነው። አባወራው ዛሬ ከሥራ ቢባረር ገቢው በዚያው ወር ይወድቃል። የቤቱ ወለልና የልጆቹ የትምህርት ዓመት ግን እንዳለ ይቆያል፣ ስለዚህ ዘርፈ ብዙው ለጊዜው ምንም አያይም። ድንገተኛ ጉዳትን ቶሎ የሚነግረን ገቢ ነው፣ ያውም ጥናቱ ቶሎ ቶሎ ከተካሄደ።

ስለዚህ አንዱን ጥሎ ሌላውን መያዝ አይዋጥልኝም። ሁለቱን ደባልቆ አንድ ቁጥር ማውጣትም እንደዚያው፣ ምክንያቱም ድምሩ የትኛው እንደጎደለ ይደብቃል። የምለው ይህ ነው፦ ገቢውም ጉድለቱም ከአንድ ቤተሰብ፣ በአንድ መጠይቅ ይሰብሰብ። ከዚያ በሁለቱም ድሃ የሆኑት፣ በገቢ ብቻ ድሃ የሆኑት፣ በጉድለት ብቻ ድሃ የሆኑትና በሁለቱም ያልሆኑት ለየብቻ ይውጡ። በገቢ ብቻ ለወደቀው የገንዘብ ድጋፍ ቶሎ ሊደርስለት ይችላል፤ በጉድለት ብቻ ለወደቀው ግን ጤና ጣቢያው መሠራት አለበት።